የቀረበልዎትን የቀጠሮ ሰዓት ሳያስቀይሙ መልሶ ሌላ ሰዓት ማቅረብ

«ሌላ ጊዜ እንገናኝ» በአማርኛ አብዛኛውን ጊዜ ቀጠሮ አይደለም፤ በጨዋ ደንብ የተነገረ እምቢታ ነው። «እናያለን» እና «እደውላለሁ» የሚሉትም የቅርብ ዘመዶቹ ናቸው። ሰው ፊት ለፊት «አልፈልግም» ማለት ሲከብደው የሚጠቀምባቸው ቃላት ስለሆኑ፣ ተቀባዩም የሚያነባቸው እንደዚያው ነው። ችግር የሚመጣው ሰውየውን ማግኘት ከልብ ፈልገው ሰዓቱ ብቻ ሳይገጥም ሲቀር ነው። እምቢ የሚለውም ሰዓቱ ያልገጠመለትም በአንድ ቃል ከተናገሩ፣ ያኛው ወገን በምን ይለያቸዋል?

የዚህ መመሪያ ጉዳይ ያንን ልዩነት በጽሑፍ ማሳየት ነው፦ የቀረበውን ሰዓት መልሶ ስብሰባውን ግን ማቆየት። የምናየው ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ብቻ ያሉበትን፣ ከመሥሪያ ቤት ውጭ ካለ የሥራ ባልደረባ ጋር የሚደረገውን ቀጠሮ ነው። በብዛት የሚያጋጥመው እሱ ነው፤ ቶሎ የሚሻክረውም እሱ ነው።

መነሻው መልእክት

አንድ ጉዳይ ይዘን እስከ መጨረሻው እንከተለው። ሰኞ ጥቅምት 17 ጠዋት፣ አብረውት መሥራት ከጀመሩ ጥቂት ወራት የሆነው የአቅራቢ ድርጅት ኃላፊ እንዲህ ሲል ይጽፍልዎታል፦

«ጤና ይስጥልኝ። የአዲሱን ውል ረቂቅ ሰኞ ጥቅምት 24 ለሥራ አመራር ስለምናቀርብ፣ ከዚያ በፊት በክፍያ አንቀጹ ላይ ብንነጋገር ጥሩ ነበር። ሐሙስ ጥቅምት 20 ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ለአንድ ሰዓት ያህል በዙም ቢመችዎት?»

እርስዎ ሐሙስ ከ3 ሰዓት ተኩል እስከ 5 ሰዓት ተኩል የበጀት ስብሰባ አለብዎት። መልስ ለመጻፍ ከመጣደፍ በፊት መልእክቱን አንድ ጊዜ ደግመው ያንብቡትና በውስጡ የማይነቃነቀውን ከሚነቃነቀው ይለዩ። ሐሙስ 4 ሰዓት የሚነቃነቅ ነው፤ «ቢመችዎት» ብሎ ራሱ በሩን ከፍቶታል። የማይነቃነቀው ሰኞ ጥቅምት 24 ነው። ከዚያ በኋላ የሚያቀርቡት ሰዓት ሁሉ፣ የቱንም ያህል በለሰለሰ ቋንቋ ቢቀርብ፣ ለሰውየው እምቢታ ነው። ትንሽ ጠለቅ ብለው ካዩት ደግሞ ዓርብ ከሰዓት በኋላም አይጠቅመውም። የተስማማችሁበትን ረቂቁ ላይ ለማስገባት ቢያንስ ግማሽ የሥራ ቀን ያስፈልገዋል። ስለዚህ የእርስዎ ምርጫ ከዓርብ ጠዋት ማለፍ የለበትም። ይህ ስሌት አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ ብዙ ሰው ግን የራሱን ካላንደር ብቻ አይቶ «ማክሰኞ ወይም ረቡዕ የሚቀጥለው ሳምንት» ብሎ ይልካል፣ ከዚያ መልሱ ለምን እንደቀዘቀዘ ይገርመዋል።

መልእክቱ የመጨረሻ ቀን ካልጠቀሰ፣ በመልስዎ ውስጥ «ከመቼ በፊት መነጋገር ይኖርብናል?» ብለው ይጠይቁ።

በእውነት አይቻልም?

ካላንደር ላይ የተያዘ ሁሉ እኩል አይደለም። እርስዎ ብቻዎን የያዙት የሥራ ሰዓት በአንድ ጣት ይዛወራል። ከአንድ ሰው ጋር ያለዎት ሳምንታዊ ንግግርም እንዲሁ ሊሸጋሸግ ይችላል። ብዙ ሰው ያለበት ስብሰባ ግን፣ ወይም ቀድሞ ቃል የገቡለት፣ አይነካም። ከነኩት ይህን ሰው ለማስደሰት ሌሎቹን ማስቀየም ይሆናል። በያዝነው ጉዳይ የበጀት ስብሰባው ከዚህ ከሦስተኛው ወገን ነው፤ ስለዚህ እንመልሳለን።

አንድ ነገር ግን አስቀድመው ያስታውሱ፦ ከዚህ ሰው ጋር ባለፈው ጊዜ ሰዓት የቀየረው ማን ነበር? እርስዎ ከነበሩ፣ ይዛወር አይዛወር የሚለውን ጥያቄ ይበልጥ አጥብቀው ይዩት። አንድ ጊዜ ማሸጋሸግ የሥራ ነገር ነው፤ በተከታታይ ሁለቴ ከሆነ ግን ሰውየው ከሰዓቱ አልፎ ስለ እርስዎ ማሰብ ይጀምራል።

መልሱ ደግሞ ያን ዕለት ይሁን፤ ቢቻል ከግማሽ የሥራ ቀን ሳያልፍ። ምክንያቱ ከጨዋነት በላይ ነው። ሰውየው ሐሙስ 4 ሰዓትን ለእርስዎ ብሎ ይዞታል፤ በዚያ ሰዓት የሚመጣውን ሌላ ቀጠሮ ሁሉ እየመለሰ ነው። ረቡዕ ማታ «አይሆንልኝም» ቢሉት ሁለት ቀን ሙሉ ያስጠበቀው ሰዓት በከንቱ ይቀራል። ሌላ የሚያቀርቡት ሰዓት ገና ካልታወቀዎት እምቢታውን ብቻ ቀድመው ይላኩ፣ ቀሪው የሚመጣበትን ሰዓት ግን ቆርጠው ይንገሩ፦ «ሐሙስ 4 ሰዓት የተያዘ ስብሰባ አለብኝ፣ ሰዓቱን እንዳይጠብቁልኝ ብዬ ነው። ዛሬ 10 ሰዓት ሳይሆን የምችልባቸውን ሰዓቶች እልካለሁ።» ያሉትን 10 ሰዓት ካሳለፉት ግን ባይልኩት ይሻል ነበር።

ስንት ሰዓት፣ የትኞቹን?

ሁለት። ቢበዛ ሦስት።

አንድ ብቻ ሲያቀርቡ ነገሩ የልውውጥ ጨዋታ ይሆናል፦ እሱ አንድ አለ፣ እርስዎ አንድ አሉ፣ እሱም ካልሆነለት ደግሞ ሌላ አንድ ይላል። «በፈለጉት ሰዓት» ማለት ደግሞ ቸርነት ይመስላል እንጂ ሥራውን ሁሉ መልሶ እሱ ላይ መጫን ነው። ሰውየው አንድ ጊዜ አስቦ ሰዓት መርጦ ልኳል፤ አሁን እንደገና አስብ ማለት ነው። ከዚያም የሚመርጠው ሰዓት እርስዎ በእውነት ነጻ የሆኑበት ላይሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ሁለተኛ እምቢታ መጻፍዎ ነው። አምስትና ስድስት ሰዓት መደርደርም አይረዳም። አንባቢው እያንዳንዱን ከካላንደሩ ጋር ማስተያየት ስላለበት «በኋላ አየዋለሁ» ብሎ ይተወዋል።

ከቁጥሩ ይልቅ የሚበልጠው ግን የሁለቱ ዓይነት ነው። ሰውየው «ሐሙስ 4 ሰዓት» ሲል የያዘው ቀኑን ይሁን ሰዓቱን አታውቁም። ምናልባት ሐሙስን የመረጠው ረቡዕ አንድ ሰነድ ስለሚደርሰው ነው፤ ምናልባትም ጠዋትን የመረጠው ከሰዓት ቢሮ ስለማይገኝ ነው። ስለዚህ አንዱ አማራጭ ቀኑን ጠብቆ ሰዓቱን ይቀይር፣ ሌላው ሰዓቱን ጠብቆ ቀኑን ይቀይር። በጉዳያችን፦ ሐሙስ ከሰዓት 8 ሰዓት ተኩል፣ እና ዓርብ ጠዋት 4 ሰዓት። የያዘው ቀኑን ብቻ ወይም ሰዓቱን ብቻ ከሆነ፣ ከሁለቱ አማራጮች አንዱ ይሆንለታል። «ዓርብ 3 ሰዓት ወይም ዓርብ 4 ሰዓት» ብለው ቢልኩ ግን ዓርብ ከተማ የማይገኝ ሰው ሁለቱንም በአንዴ ይጥላቸዋል፤ በቁጥር ሁለት ነበሩ፣ በተግባር ግን አንድ።

የመረጧቸውን ሰዓቶች ከመላክዎ በፊት በራስዎ ካላንደር ላይ ይያዟቸው። «ምናልባት፦ ውል» ብለው ቢጽፉበት ይበቃል። ይህን የሚዘሉ ሰዎች የሚገጥማቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ሰውየው ማክሰኞ ከሰዓት «ዓርብ 4 ሰዓት ይሁንልን» ይላል፣ እርስዎ ደግሞ ማክሰኞ ጠዋት ያንኑ ሰዓት ለሌላ ሰው ሰጥተውታል። የእሱን ሰዓት መመለስ የሚታለፍ ነው። የራስዎን ሰዓት መልሰው መንሳት ግን ቃል ማጠፍ ነው። ዳርና ዳሩንም ይዩ፦ ከአንድ ስብሰባ ወጥተው ወደ ሌላው ሲገቡ ቢያንስ ሩብ ሰዓት ይተዉ። መንገድ ካለበት ደግሞ የመንገዱን ይጨምሩ። ለዚህ ነው የበጀቱ ስብሰባ እንዳለቀ «ሐሙስ 5 ሰዓት ተኩል» ብለን ያላቀረብነው፤ የበጀት ስብሰባ በሰዓቱ ያለቀበት ቀን ብዙ አይደለም።

የያዙትን ደግሞ ለዘላለም መያዝ አይችሉም። እስከ መቼ እንደሚቆይ በለሰለሰ ቃል ይናገሩ፤ ለሰኞ መልእክት እስከ ማክሰኞ ማታ ደህና ነው።

መልእክቱ

የሚላከው ይህ ነው፦

«ጤና ይስጥልኝ አቶ እገሌ። ረቂቁ ሳይቀርብ በክፍያ አንቀጹ ላይ እንነጋገር ማለትዎ ጥሩ ነው፤ እኔም ስለ ቅድመ ክፍያው የማነሣው አንድ ነጥብ አለኝ። ሐሙስ ጠዋት 4 ሰዓት ግን ቀድሞ የተያዘ ስብሰባ አለብኝ፤ እስከ 5 ሰዓት ተኩል አልወጣም። ሐሙስ ከሰዓት 8 ሰዓት ተኩል፣ ወይም ዓርብ ጥቅምት 21 ጠዋት 4 ሰዓት ቢሆን ሙሉውን አንድ ሰዓት መቀመጥ እችላለሁ። ሁለቱንም እስከ ማክሰኞ ማታ ይዤልዎታለሁ። ሁለቱም የማይሆንልዎት ከሆነ የሚመችዎትን ይንገሩኝ፤ ከሰኞ በፊት እንጨርሰዋለን።»

ከሰባ ቃል አይበልጥም። ቀረብ ብለን እንየው።

የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ምስጋና ብቻ ቢሆን ኖሮ ባዶ ይሆን ነበር። «ስለ ግብዣዎ ከልብ አመሰግናለሁ» የሚለው ማንኛውም ማስታወቂያ ላይ ይገኛል። ሙቀቱ የመጣው «ስለ ቅድመ ክፍያው የማነሣው አንድ ነጥብ አለኝ» ከሚለው ነው። ጉዳዩን አስበውበታል ማለት ነው። ስብሰባውን የማይፈልግ ሰው አጀንዳ አይጨምርም። ከዚህ በኋላ የሚመጣው እምቢታ ሰዓቱን ብቻ እንደሚመለከት ለማስረዳት ሌላ ቃል አያስፈልግም።

ቀጥሎ እምቢታው። «ቀድሞ የተያዘ» የሚሉት ሁለት ቃላት የተቀመጡት በስሌት ነው፦ የሚናገሩት ስለ ቅደም ተከተል ነው፣ ስለ ክብደት አይደለም። ያኛው ስብሰባ ቀድሞ መጣ እንጂ አልበለጠም። «ከአንድ ትልቅ ደንበኛ ጋር ስብሰባ አለኝ» ብለው ቢጽፉ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ግን ለሰውየው ትንሹ ደንበኛ እሱ መሆኑን ነግረውታል። የስብሰባው ስም ብዙ ጊዜ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው የሚያልቅበት ሰዓት ነው። «እስከ 5 ሰዓት ተኩል አልወጣም» ሲሉት «ታዲያ 5 ሰዓት ቢሆንስ?» ብሎ እንዳይጽፍ አንድ ዙር አስቀርተውለታል።

ቃላቱ ላይ ትንሽ እንቆይ። «አልችልም» ብቻውን ሲጻፍ በር እንደ መዝጋት ነው። «አይመቸኝም» ደግሞ የምቾት ነገር ያስመስለዋል፤ አፍ ላይ በድምፅ ይለዝባል፣ ጽሑፍ ላይ ግን ድምፅ የለም። «ቢዚ ነኝ» ከሁሉ ይከፋል፣ ሥራ የሌለው ማን አለና። «የተያዘ ስብሰባ አለብኝ» የሚለው፣ «አለኝ» ሳይሆን «አለብኝ» መሆኑን ልብ ይበሉ፣ ሁኔታው እርስዎም ላይ የተጫነ መሆኑን በአንድ ፊደል ይናገራል። በዚያው መንገድ «ይዣለሁ» ከማለት «ይዤልዎታለሁ» ማለት ሰዓቱን ለእሱ ሲሉ እንደያዙት ያሳያል። አማርኛ እንዲህ ዓይነቱን ነገር በግሡ ውስጥ ስለሚሸከም፣ ሙቀቱን ለመጨመር ቅጽል መደርደር አያስፈልግም።

«ይቅርታ» የሚል ቃል መልእክቱ ውስጥ የለም። ሰውየው ሐሳብ አቀረበ፣ እርስዎ በሐሳብ መለሱ፤ የተበደለ የለም። አንድ «ይቅርታ» ቢገባ ግን አይጎዳም፤ መልሱ ከዘገየ ወይም ቀድመው «እሺ» ብለው ከነበረ ደግሞ የግድ ነው። የሚጎዳው ሲደጋገም ነው። አሁን ይህን ያስተያዩ፦

«ይቅርታ በጣም ይቅርታ፣ ሐሙስ በጣም ቢዚ ነኝ፣ በዚህ ሳምንት ስብሰባ ተደራርቦብኝ መተንፈሻም የለኝ፣ ባይሆን ሌላ ጊዜ ብናደርገው? መቼ እንደሚመችዎ ያሳውቁኝ።»

የጻፈው ሰው ክፉ አላሰበም። ነገር ግን ሦስት ጥፋት አለበት። «በዚህ ሳምንት» በማለቱ ዓርብንም ሳያስፈልግ ዘግቶታል። «ሌላ ጊዜ» ብሎ እምቢታ የሚመስለውን ቃል ተጠቅሟል። በመጨረሻም ሥራውን መልሶ ወደ ሰውየው ገፍቶታል። ሁለት ይቅርታ ይህን አይሸፍነውም፤ እንዲያውም ይቅርታው በበዛ ቁጥር አንባቢው «ምን ሊነግረኝ ፈርቶ ነው?» ይላል።

ምክንያት ሲዘረዘርም ውጤቱ ተመሳሳይ ነው። አንድ ሐረግ ምክንያት ነው፤ አራት ዓረፍተ ነገር ክርክር ይሆናል፣ የሚከራከር ሰው ደግሞ የሚጠረጥረው ያገኛል። ውሸት ምክንያት ግን በፍጹም አይጻፍ። በጋራ የምታውቁት ሰው ወይም ክፍት ካላንደር አንድ ቀን ያጋልጠዋል። የማይነገር የግል ጉዳይ ከሆነ «የግል ጉዳይ ስላለብኝ» ይበቃል፤ ማንም አይጠይቅዎትም።

አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ

እነሱ በጠሯችሁበት መልሱ፤ ይህ መነሻው ነው። በዕድሜ ወይም በማዕረግ የሚበልጥዎ ሰው «አንተ» ብሎ ቢጽፍልዎ ግን «አንተ» ብሎ መመለስ አይደለም፤ እርስዎ በ«እርስዎ» ይቀጥሉ። እኩያዎ ከሆነና ሁልጊዜ በ«አንተ» የምትነጋገሩ ከሆነ ደግሞ በእምቢታው ቀን ድንገት «እርስዎ» ማለት ጨዋነት አይሆንም፣ መራቅ ነው። ያኔ መልእክቱም ያጥራል፦ «ሐሙስ 4 ሰዓት የተያዘ ስብሰባ አለብኝ። ከሰዓት 8 ተኩል ወይም ዓርብ 4 ሰዓት ብናደርገውስ? ሁለቱንም ይዤልሃለሁ።»

ብዙ ጊዜ የሚታየው ስህተት መደባለቅ ነው። ከቀድሞ መልእክት ገልብጠው ሲያስተካክሉ «ቢመችዎት» ተብሎ ይጀመርና «ንገረኝ» ተብሎ ያልቃል። ከመላክዎ በፊት ግሦቹን ብቻ አንድ በአንድ ይዩ።

ሰዓቱና ቀኑ በትክክል ይጻፍ

በአማርኛ ሲጻፍ ትልቁ አደጋ እዚህ ነው። የእኛ አቆጣጠር ካላንደሩ ላይ ካለው በ6 ሰዓት ይለያል፦ ጠዋት 4 ሰዓት ካላንደር ላይ 10:00 ነው፣ ከሰዓት 8 ሰዓት ተኩል ደግሞ 14:30። ይህን ሁሉም ያውቃል፤ የማይስተዋለው ስህተቱ ራሱን የማያጋልጥ መሆኑ ነው። ከ2 እስከ 5 እና ከ8 እስከ 11 ያሉት ቁጥሮች ሁሉ በሁለቱም አቆጣጠር የሥራ ሰዓት ላይ ይወድቃሉ። «9:00» ብለው ብቻ ቢጽፉ አንዱ ጠዋት ይገባል፣ ሌላው ከሰዓት፤ ሁለቱም ሰዓቱ ትክክል ይመስላቸዋል። ቁጥሩ እኩለ ሌሊት ላይ ቢወድቅ ኖሮ ወዲያው ይነቃበት ነበር።

ስለዚህ ሁልጊዜ «ጠዋት» ወይም «ከሰዓት» የሚለው ቃል ከቁጥሩ ጋር ይሁን፣ «ሰዓት» የሚለውም ቃል በፊደል ይጻፍ። በሁለት ነጥብ የተጻፈ «8:30» የካላንደር ሰዓት ይመስላል፤ «ከሰዓት 8 ሰዓት ተኩል» ግን አያሻማም። ሰውየው ውጭ አገር ካለ ወይም በውጭ አቆጣጠር የሚሠራ ከሆነ ሁለቱንም ይጻፉለት፦ «ከሰዓት 8 ሰዓት ተኩል፣ ካላንደር ላይ 14:30»። ሌላ የሰዓት ክልል ውስጥ ካለ የእሱን ሰዓት አስልተው ይጨምሩ፤ ስሌቱን ለእሱ መተው ስህተቱን ለእሱ መተው ነው።

ቀኑም እንዲሁ ነው። ጥቅምት 20 እና ኦክቶበር 20 አንድ አይደሉም፤ የሳምንቱ ቀን ግን በሁለቱም አቆጣጠር አንድ ስለሆነ «ሐሙስ» የሚለው ቃል ሁልጊዜ ከቁጥሩ ጋር ይሂድ። ሁለቱ ካልተጣጣሙ ሰውየው ያስተውላል። «ነገ» እና «ከነገ ወዲያ» የሚሉትን ደግሞ በጽሑፍ ይተዉ፤ መልእክቱ የሚነበበው መቼ እንደሆነ አይታወቅም።

ግብዣው በካላንደር ከመጣ

ያለ ቃል «አልገኝም» የሚለውን መጫን የዚህ ዘመን በር መጥረቅ ነው። ለሰውየው የሚደርሰው የእርስዎ ስምና አንድ ቃል ብቻ ነው።

በጉግል ካላንደር ግብዣው ላይ `Propose a new time` የሚል አማራጭ አለ። በአውትሉክ ደግሞ ሁለት ይቀርባሉ፦ `Tentative and Propose New Time` እና `Decline and Propose New Time`። የመጀመሪያውን ይምረጡ። ሁለተኛው ግብዣውን ከካላንደርዎ ያነሣዋል፣ ለሰውየውም መጀመሪያ የሚነበበው እምቢታው ነው። እነዚህ አማራጮች ግን የሚያስተላልፉት አንድ ሰዓት ብቻ ነው፣ አዘጋጁ እስኪቀበለውም ግብዣው ባለበት ይቆያል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ቢሆን ይሻላል፦ መጀመሪያ ከላይ ያየነውን መልእክት በተለመደው መንገዳችሁ ይላኩ፣ ቀጥሎ በካላንደሩ ላይ ከሁለቱ ሰዓቶች ይበልጥ ይሆናል የሚሉትን ያቅርቡ፣ ማስታወሻ መጻፊያው ላይም «ሁለተኛውን አማራጭ በመልእክት ልኬያለሁ» ይበሉ። አውትሉክ ላይ `Decline` ሲሉ `Do Not Send a Response` የሚለውን እንዳይነኩ፤ ከእርስዎ ካላንደር ላይ ይጠፋል፣ ሰውየው ግን ምንም ሳይደርሰው እንደሚመጡ አድርጎ ይጠብቃል።

ስብሰባው ነገ ጠዋት ከሆነ ይህ ሁሉ አይሠራም። ይደውሉ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ በስልክ ደግሞ «ካላንደሬ ፊቴ ነው፣ እርስዎስ?» ብለው እዚያው መጨረስ ይችላሉ። ስልኩ ካልተነሣ መልእክቱን ልከው ከሰዓት በኋላ እንደገና ይሞክሩ።

ሁለቱም ካልሆነለት

ማክሰኞ ጠዋት መልሱ መጣ እንበል፦ «ሐሙስ ከሰዓት መስክ ነኝ፣ ዓርብም እስከ ምሳ አልገኝም። ረቡዕ 3 ሰዓት ቢሆንስ?» እርስዎ ደግሞ ረቡዕ 3 ሰዓት አይችሉም። አሁን ሦስተኛ ጽሑፍ ከመላክ ስልኩን ያንሡ። ሁለት ዙር ካለፈ በኋላ ጽሑፍ ሰዓት ከማግኘት ይልቅ ትዕግሥት ሲፈጅ ይታያል።

ሲደውሉም ከሰዓቱ ሌላ የሚሰጡት ነገር ይዘው ይደውሉ። ስብሰባውን ማሳጠር ይቻላል፦ «የእኔ ነጥብ ቅድመ ክፍያው ብቻ ስለሆነ ሃያ ደቂቃ ይበቃናል፤ ረቡዕ 5 ሰዓት ላይ ሃያ ደቂቃ ይኖርዎታል?» አንድ ሙሉ ሰዓት ያልተገኘበት ቀን ላይ ሃያ ደቂቃ አብዛኛውን ጊዜ ይገኛል። ወይም ከጉዳዩ ግማሹን በጽሑፍ ያስቀድሙ፦ «በአንቀጹ ላይ ያለኝን አስተያየት ዛሬ ማታ በኢሜይል እልካለሁ፣ ያልተግባባንበትን ብቻ በስልክ እንጨርስ።» ይህኛው ለረቂቁ ከስብሰባው የተሻለ የሚሆንበት ጊዜም አለ፤ የተጻፈ አስተያየት ቀጥታ ይገባል።

እስከ ማክሰኞ ማታ ዝም ካለስ? ረቡዕ ጠዋት አንድ አጭር መልእክት፦ «ዓርብ 4 ሰዓትን አሁንም ይዤልዎታለሁ፤ የሐሙሱን ግን ለቅቄዋለሁ።» «መልስ አልሰጡኝም» የሚል ወቀሳ የለበትም፤ ያለበትን ሁኔታ ብቻ ይነግረዋል፣ ደግሞ ገና ክፍት የሆነ ነገር ይተውለታል።

የተጋበዙት ስድስት ወይም ሰባት ሰዎች ከሆኑ ነገሩ ሌላ ነው። ያኔ ሰዓት እንዲቀየር ከመጠየቅዎ በፊት «ያለ እኔ ቢቀጥል የሚጎድል ነገር አለ?» ብለው ያስቡ። ከሌለ፣ ሰው ወክለው ወይም ሐሳብዎን ጽፈው ስብሰባውን ባለበት ይተዉት።

ከተስማማችሁ በኋላ

ሰውየው «ዓርብ 4 ሰዓት ይሁን» ሲል ሥራው አላለቀም። አዲሱን ግብዣ የሚልኩት እርስዎ ይሁኑ፤ ሰዓቱን ያስቀየሩት እርስዎ ነዎት። መልእክቱ አንድ መስመር ነው፦ «ዓርብ ጥቅምት 21 ጠዋት 4 ሰዓት በዙም፤ ማገናኛው ካላንደሩ ላይ አለ። ስለተሸጋሸጉልኝ አመሰግናለሁ።» ምስጋናው ቦታውን የሚያገኘው እዚህ ነው፤ አሁን የሚመሰገንበት ነገር ተደርጓል።

ከዚያ የሐሙስ ከሰዓቱን «ምናልባት» ከካላንደርዎ ያንሡ፣ የመጀመሪያው የሐሙስ 4 ሰዓት ግብዣ በካላንደር መጥቶ ከነበረም ከሁለታችሁ ካላንደር መጥፋቱን ያረጋግጡ። ያ ግብዣ የአዘጋጁ ስለሆነ መሰረዝ የሚችለው እሱ ነው፤ «የሐሙሱን ይሰርዙታል?» ብለው ይጠይቁት። ካልተሰረዘ ሐሙስ ጠዋት ከአንዳችሁ ስልክ ላይ ማስታወሻ ይጮኻል፣ ሰውየውም ዙም ከፍቶ ብቻውን ይጠብቃል።